«እግዜር ሹራብህን አይቶ ነው ካናዳ የላከህ»

ካናዳ ከገባሁ በኋላ ለዓመታት የጎደለኝ ነገር ተረብ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ደጎች ናቸው፤ ስለ በረዶው፣ ስለ ሰኞ ጠዋትና ስለ ቢሮው ቡና ይቀልዳሉ፤ ቀልዳቸው ግን በዚያ ክፍል ለተገኘ ለማንኛውም ሰው የሚሆን ነው። በእኔ ላይ ብቻ የሚሠራ ቀልድ እንዲኖር አስቀድሞ እኔን ልብ ብሎ ያየ ሰው መኖር ነበረበት፤ ያ ሰው ደግሞ ያለው ሐዋሳ ነው።

ተማሪ ሳለሁ፣ በመጋቢት ቀትር እንኳ፣ ሹራብ ሳልደርብ ከቤት አልወጣም ነበር። ለእረፍት ሐዋሳ ሄጄ ከአብሮ አደጎቼ ጋር አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ በተቀመጥንበት ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛችን ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ «እግዜር እኮ ሹራብህን አይቶ ነው ካናዳ የላከህ፤ እኛን ደግሞ በካናቴራ ስንዞር አይቶ እዚሁ ተወን» አለ። ሹራቡ እውነት ነው፤ በገበታው ዙሪያ ያሉት ሁሉ በዓይናቸው አይተውታል፤ እኔም አላፍርበትም። ተራቢው ከራሱ የጨመረው የእግዜርን ውሳኔ ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ባላሳቀኝ ነበር፤ ምንም ሳይጨምርበት «ሹራብ ትወድ ነበር» ብሎ ቢያቆም ደግሞ ወሬ እንጂ ተረብ አይሆንም።

ቀጥሎ ተራው የመምህሩ ጓደኛችን ሆነ። እሱ ዓሣው መቼ እንደተጠመደ፣ ማን እንዳጠመደውና ከየትኛው የሐይቁ ዳር እንደመጣ ሳይጠይቅ አያዝዝም፤ ያን ቀንም አስተናጋጇን እንደ ልማዱ ሲመረምራት ሌላው ጣልቃ ገብቶ፣ «እህቴ፣ የዓሣውን የቀበሌ መታወቂያ ይዘሽለት ነይ፣ አለዚያ አይለቅሽም» አላት። መምህሩ ከሁላችንም ቀድሞ ሳቀና «የታደሰ መሆኑንም እይልኝ» ብሎ ጨመረበት። የተተረበው ሰው በራሱ ላይ ሲጨምር ቀልዱ በትክክል ማረፉን አውቃለሁ፤ በጥርሱ ብቻ ፈገግ ብሎ ወደ ስልኩ ካቀረቀረ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

አብሮን የአንዱ ጓደኛችን የአጎት ልጅ ተቀምጧል፤ ከዚያ ቀን በፊት አይቶኝ አያውቅም። ሳቁ ሲደምቅ ድርሻውን ማዋጣት ፈለገ መሰለኝ፣ «እናንተ ዲያስፖራዎች እንደሆነ ጉራ ብቻ ናችሁ፣ ደደብ ሁላ!» አለ። አልተቀየምኩም፤ የምቀየምበት ነገር አልነበረውማ። ያ ስድብ በዚያ ሳምንት ከአውሮፕላን ለወረደ ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ልክ እንደ ሰልባጅ ኮት፣ ለማን እንደተሰፋ አይታወቅም። መልስ ለመስጠት እንኳ የሚያዝ ጫፍ የለውም፤ «አይደለሁም» ከማለት በቀር ምን ይባላል? ገበታው ለአፍታ ዝም አለ፤ አንዱ ዳጣውን ወደ ራሱ ሳበ።

ይህ ልጅ እንግዳ ስለሆነ ነው የከሸፈበት እንዳይባል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያደረገውን መናገር አለብኝ። ሒሳብ መጥቶ ወረቀቱን ሳነብ ሲያየኝ ቆየና፣ «ዝም በሉት፣ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ዶላሩን እየመነዘረ ነው፤ ካቋረጣችሁት ከአንድ ይጀምራል» አለ። እውነቱን ነው፤ ማንኛውንም ዋጋ በሆዴ ሳልመነዝር አልከፍልም፤ ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ ግን እኔም አላውቅም ነበር። ከሹራቡ ይልቅ በዚህኛው ሳቅን፤ ከዚያ ወዲያ ልጁን እንደ እንግዳ የቆጠረው የለም። ለተረብ የሃያ ዓመት ትውውቅ የግድ አይደለም፤ አንድ ሰዓት በትኩረት ማየትም ይበቃል፤ ሰነፍ ተሳዳቢ የሚቆጥባት ያችኑ ሰዓት ነው።

እርግጥ ያዩትን ሁሉ አይናገሩም። ከመካከላችን ትዳሩ የፈረሰ አለ፤ ልማዱን፣ አነጋገሩን፣ መኪና ሲያቆም የሚፈጀውን ጊዜ ሁሉ እንተርበዋለን፤ ወደ ትዳሩ የሚጠጋ ግን የለም፣ ማንም ሕግ አላወጣበትም። የሰሚውም ማንነት ቀልዱን ይለውጠዋል። ያንን ሹራብ በግድ የምታለብሰኝ እናቴ ነበረች፤ በልጅነቴ የሳንባ ምች ይዞኝ ነበርና ነፋስ በጣም ትፈራልኝ ነበር። ጓደኞቼ ይህን ያውቃሉ። እኔን የሚያስቀኝ የሹራብ ተረብ በእሷ ጆሮ ልፋቷ ላይ መሳለቅ ሊሆን ስለሚችል፣ እናቴ ቡና አፍልታ ስትጠራቸው ሹራቡን አያነሱትም፤ መምህሩንና የዓሣውን መታወቂያ ለእሷ ይተርኩላታል።