ለሞላ ዲስክ ኤክስተርናል፣ ለዘገየ ዲስክ ኤስኤስዲ

ሥራዬ በጅማ ዙሪያ ያሉ የቡና ደኖችን ከሳተላይት ምስል ላይ እየለዩ ካርታ ማዘጋጀት ነው። የምሠራበት ላፕቶፕ 500 ጊጋ ባይት የሚይዝና በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበረው። ዲስኩ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር፤ ማሽኑም ከተከፈተ በኋላ ለሥራ እስኪዘጋጅ ድረስ ረጅም ጊዜ ያስጠብቅ ነበር። የነበረኝ ገንዘብ ሁለቱን አያስገዛም ነበርና፣ 1 ቴራ ባይት የሚይዝ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ከመግዛትና የውስጡን ዲስክ በ240 ጊጋ ባይት ኤስኤስዲ ከመቀየር አንዱን መምረጥ ግድ ሆነብኝ።

ብዙ ሰው መሙላትንና መዘግየትን አንድ ችግር አድርጎ ስለሚያይ፣ ቦታ ከተገኘ ፍጥነትም አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል። ዲስኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ዊንዶውስ መቸገሩ እውነት ነው፤ የእኔ ግን ገና 55 ጊጋ ባይት ያህል ባዶ ቦታ ነበረው። ስለዚህ ከመግዛቴ በፊት ኮምፒውተሩን ራሱን መመርመር ፈለግሁ። Ctrl+Shift+Esc ተጭኜ Task Manager ከከፈትሁ በኋላ Performance ከሚለው ሥር Disk የሚለውን መረጥሁ። ካርታ መሥሪያውን QGIS ስከፍት Active time የሚለው መቶ በመቶ ደርሶ ሲቆም፣ ከሥሩ የሚነበበው የንባብ ፍጥነት ግን በሰከንድ ከ1 ሜጋ ባይት በታች ነበር። ዲስኩ ያለ ዕረፍት እየሠራ የሚያቀብለው ግን እጅግ ጥቂት ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ በቀላል ስሌት ይታያል። በደቂቃ 5400 ዙር የሚዞር ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። የሚነበበው ቦታ ከማንበቢያው ጫፍ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ ማንበቢያውን የተሸከመው ክንድ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስበት ጊዜም ይጨመርበታል። በዚህ ምክንያት ዲስኩ እዚህም እዚያም የተበተኑ ቁርጥራጮችን በሰከንድ ከ60 ገደማ በላይ ማንሳት አይችልም። እያንዳንዱ ቁራጭ 4 ኪሎ ባይት ቢሆን በሰከንድ የሚገኘው 240 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ያው ዲስክ አንድ ትልቅ የሳተላይት ምስል ከዳር እስከ ዳር በተከታታይ ሲያነብ ግን በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት አካባቢ ይደርሳል። ዊንዶውስ ሲነሳና ፕሮግራም ሲከፈት የሚነበቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ስለሆኑ የሚያዘገየው ይህ ፍለጋ ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካልም ሆነ የሚንቀሳቀስ ክንድ ስለሌለው ፍለጋው ከሞላ ጎደል ይቀርለታል።

መርካቶ አካባቢ ያለ ጥገና ሱቅ ስሄድ ወጣቱ ባለሙያ፣ «ጋሼ፣ ኤክስተርናሉን ገዝተው ፕሮግራሞቹን እሱ ላይ ብንጭናቸው ሁለቱም ችግር አይፈታም?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በርካሽ በሚሸጠው ኤክስተርናል ውስጥ ያለው ያው የሚሽከረከር ዲስክ ነው። ዩኤስቢ 3.0 ሰፊ መንገድ ቢሆንም ክንዱን አያፋጥነውም። በኤክስተርናል ላይ የተጫነ ፕሮግራምም ቢሆን የመመዝገቢያ መረጃውንና የሚጋራቸውን ፋይሎች በሲ ድራይቭ ላይ ማስቀመጡ አይቀርም፤ ገመዱ ከተነቀለ ወይም የድራይቩ ፊደል ከተቀየረ አይከፈትም። ዊንዶውስን ራሱን ደግሞ መደበኛው መጫኛ በዩኤስቢ በተገናኘ ዲስክ ላይ አይጭንም። ሊኑክስ ይህን ክልከላ ስለማያደርግ፣ በኤክስተርናል ኤስኤስዲ ላይ ሲጫን በደንብ ይሠራል። እኔ ግን መሥሪያ ቤቴ የሚጠቀምባቸው ፕሮግራሞች በዊንዶውስ ላይ ስለሚሠሩ ያ መንገድ አልሆነኝም።

ቀጥሎ በዲስኩ ላይ ያለውን በዓይነት ለየሁት። 500 ጊጋ ባይት የተባለው ዲስክ በዊንዶውስ አቆጣጠር 465 ሆኖ ይታያል፤ ከዚህ ውስጥ 410 ተይዞ ነበር። ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ 70፣ አሁን የምሠራባቸው ፋይሎች 60፣ ቀሪው 280 ጊጋ ባይት ደግሞ አልፎ አልፎ ብቻ የማያቸው የቀድሞ ዓመታት ምስሎች ነበሩ። በፍጥነት መነበብ ያለበት 130 ብቻ ነው፤ 240 የሚባለው ኤስኤስዲ 223 ሆኖ ስለሚታይ በቂ ባዶ ቦታም ይተርፈዋል። የቀድሞዎቹ ምስሎች በተከታታይ የሚነበቡ ትልልቅ ፋይሎች ስለሆኑ የሚሽከረከር ዲስክ አይጎዳቸውም። ስለዚህ ኤስኤስዲውን ገዝቼ፣ ከውስጥ የሚወጣውን አሮጌ ዲስክ በዩኤስቢ ኬዝ አድርጌ ኤክስተርናል ላደርገው ወሰንሁ። ኬዙ ዋጋው ከአዲስ ኤክስተርናል ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ላፕቶፑን ከማስፈታቴ በፊት ያደረግሁትን ማንም ሰው ባይዘለው እመክራለሁ። አንዳንድ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ ይቆልፋሉ፤ እንዲህ ያለው ዲስክ ወጥቶ በኬዝ ሲገናኝ ቁልፉን ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ አይገኝም። ለማረጋገጥ Command Prompt በአስተዳዳሪ ፈቃድ ተከፍቶ የሚከተለው ይጻፋል፦

```
manage-bde -status
```

Protection Status ከሚለው ፊት Protection Off ቢልም፣ ከዚያ በላይ ያለው Percentage Encrypted ዜሮ መሆኑንም ማየት ያስፈልጋል። የእኔ ዜሮ ነበር። ከዚያም በCrystalDiskInfo የአሮጌውን ዲስክ ጤና ተመለከትሁ። ለማንበብ ያስቸገሩ የዲስክ ክፍሎችን የሚቆጥረው Current Pending Sector ከዜሮ በላይ ቢሆን ኖሮ ያንን ዲስክ ለማኅደርነት አላምነውም ነበር።

የአሮጌውን ዲስክ ይዘት ወደ አዲሱ ክሎን ማድረግም ይቻል ነበር፤ ሆኖም 410 ጊጋ ባይት በ223 ውስጥ ስለማይገባ አስቀድሞ ምስሎቹን ሌላ ቦታ ማሸሽ ይጠይቃል። ኤስኤስዲውን አስገብቶ ዊንዶውስን ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ይህን ድካም ያስቀራል፤ ምክንያቱም አሮጌው ዲስክ ሳይነካ ፋይሎቹን እንደያዘ ይቆያል። በተጫነ ጊዜ አሮጌው ዲስክ ከማሽኑ ውጭ ስለነበር በስሕተት ፎርማት የሚደረግበት ዕድልም አልነበረም። ከዚያ በኬዙ አገናኝቼ 60ውን ጊጋ ባይት ወደ ውስጥ ገለበጥሁ። የቀድሞውን የተጠቃሚ ፎልደር ስከፍት ፈቃድ የለህም የሚል መልእክት ወጣ፤ Continue የሚለውን ስጫን ተከፈተ። በDisk Management ለድራይቩ ቋሚ ፊደል ስለሰጠሁት የካርታ ፕሮጀክቶቼ ምስሎቹን አያጡም።

አሁን QGIS ሲከፈት Active time ለአፍታ ከፍ ብሎ ወዲያው ይወርዳል። አሮጌው ዲስክ ኃይሉን ከዩኤስቢው ስለሚያገኝ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር መያያዝ አለበት፤ ኃይል ሲያንሰው ቀጭ ቀጭ እያለ ከስክሪኑ ይጠፋል። ማኅደሩ በእርሱ ላይ ብቻ እንዳይቀር ዋና ዋናዎቹን የመስክ መረጃዎች በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተርም ላይ አስቀምጫለሁ።

ይህ መንገድ ለሁሉም ላፕቶፕ አይሆንም። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ማከማቻው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም፤ ለእነዚህ ያለው አማራጭ ኤክስተርናል ብቻ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ኤም ዶት 2 የሚባለውን ትንሽ ኤስኤስዲ ይቀበላሉ፤ በዚህም ውስጥ በመልክ የሚመሳሰሉ የሳታና የኤንቪኤምኢ ዓይነቶች ስላሉ ከመግዛት በፊት ማሽኑ የትኛውን እንደሚቀበል በሞዴሉ ስም ማረጋገጥ ያስፈልጋል።