ሁለት ኪሎ ቡና፣ ለየቤቱ ሦስት ሩብ፦ የክፍልፋይ ማካፈል ማስታወሻ

ሐዋሳ ውስጥ ክፍልፋይ ለምታስጠኑ፣ በዚህ ሳምንት የያዝነው «ገልብጠህ አባዛ» የሚለውን ሕግ ነው። ልጆቹ ሕጉን በቃላቸው ይሉታል፤ ለምን እንደሚገለበጥ ሲጠየቁ ግን ዝም ነው። የሠራልን ምሳሌ ገበያ ላይ በየቀኑ የሚሰሙት ሩብ ኪሎ ሆነ።

2 ኪሎ ቡና አለ። ለአንድ ቤት ሦስት ሩብ ኪሎ ቢደርስ፣ ለስንት ቤት ይበቃል? 2 ÷ 3/4 የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ቡናውን ሩብ ሩብ ኪሎ እየመዘናችሁ በላስቲክ ቋጥሩት። አንዱ ኪሎ 4 ቋጠሮ ስለሚወጣው ከሁለቱ ኪሎ 8 ይገኛል። ታህቱ፣ ማለትም 4ቱ፣ ማባዣ የሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ኪሎውን ወደ ሩብ ስለመነዘርነው። አንድ ቤት ደግሞ 3 ቋጠሮ ይወስዳል፤ ስለዚህ 8ቱን ለ3 እናካፍላለን። ላዕሉ ታች የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። በ4 አባዝቶ ለ3 ማካፈል ደግሞ በ4/3 ከማባዛት አይለይም፦ 2 × 4/3 = 8/3፣ ሁለት ሙሉ ከሁለት ሦስተኛ።

እዚህ ከደረሱ በኋላ «አንድ ኪሎ ብቻ ቢሆንስ?» በሏቸው። አራቱ ቋጠሮ ለአንድ ቤት በቅቶ አንድ ይተርፋል፤ እሱም የሌላው ቤት ድርሻ ሲሶ ነው። ስለዚህ 4/3 አንድ ኪሎ ለስንት ቤት እንደሚበቃ ይነግረናል። ተገላቢጦሹ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ነው፤ 5 ኪሎ ቢመጣም በ5 ማባዛት ብቻ ይቀራል።

ብዙዎቹ የሚሳሳቱት ትርፉ ላይ ነው። ሁለት ቤት 6 ቋጠሮ ወስዶ 2 ይቀራል፣ ግማሽ ኪሎ። ልጆቹም «ሁለት ተኩል» ብለው ይጽፋሉ። ግማሽነቱ እውነት ነው፣ ግን የኪሎ ግማሽ ነው፤ ጥያቄው የሚቆጥረው ቤት ነው። አንድ ቤት 3 ቋጠሮ ይፈልጋል፣ ያለው 2 ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስተኛ። «የምን ግማሽ?» ብሎ መጠየቅ ከረጅም ማብራሪያ ይሻላል።

ሌላው ስህተት የመጀመሪያውን ቁጥር መገልበጥ ነው፦ 1/2 × 3/4 = 3/8። ይህ በቶሎ ይታወቃል፤ ሁለት ኪሎ ቡና ይዞ ለአንድ ቤት እንኳ አልበቃም እንደማለት ነው።

ለሚቀጥለው 1/2 ÷ 2/3ን ስጧቸው። የሩብ ቋጠሮ ለሲሶ አይሆንም፤ ግማሹንም ሲሶውንም የሚያስማማው የኪሎ አንድ ስድስተኛ ነው። ግማሹ ኪሎ 3 ቋጠሮ ይወጣዋል፣ የአንድ ቤት ድርሻ 4 ነው፤ መልሱ 3/4።