ላፕቶፑ ከማስረከቢያው በፊት ሲሞት ለመምህሩ የጻፍኩት ደብዳቤ እና ከፊሉን ሥራ ያያያዝኩበት መንገድ

ሥራው የሴሚስተር ማጠቃለያ ጽሑፍ ነበር፤ 48 መጠይቅ ተሰብስቦ በአራት ሠንጠረዥ የሚተነተን፣ አሥራ አምስት ገጽ አካባቢ የሚሆን። ማስረከቢያው ዓርብ ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 11፡00 ነው። ላፕቶፑ ረቡዕ ማታ ጠፍቶ አልነሳም አለ። ደብዳቤው የተላከው ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ማለትም ቀነ ገደቡ ሳያልፍ። ከዓርብ 11 ሰዓት በኋላ የሚደርስ ደብዳቤ ቃል በቃል ያው ቢሆን እንኳ የሚነበበው እንደ ማመካኛ ነው።

መጀመሪያ የለየሁት አንድ ነገር ነው፤ የሞተው ማሽኑ ነው ወይስ ፋይሉ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ደብዳቤው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ። ቻርጀሩ ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ፋኑ ግን አይዞርም፣ ስክሪኑም አይበራም። ቻርጀሩን ነቅዬ የማብሪያውን ቁልፍ ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭኜ ያዝኩና መልሼ ሞከርኩ፤ ለውጥ የለም። ይህ ምልክት በአብዛኛው የሚያመለክተው ማዘርቦርዱን ወይም የኃይል መስመሩን እንጂ ዲስኩን አይደለም። የሚበላሽ ሃርድ ዲስክ ሌላ ጠባይ አለው፤ ማሽኑ ይበራል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ ዊንዶውስ ሲከፈት ዘመን ይፈጃል፣ አለዚያም የሚነሳበት ዲስክ አላገኘሁም ይላል። እንዲህ ያለውን ደጋግሞ ማብራት ጉዳቱን ያብሳል፤ አጥፍቶ ወደ ጥገና መውሰድ ይሻላል።

ስለዚህ ደብዳቤው ላይ «ፋይሎቼ በሙሉ ጠፉ» አላልኩም። ዲስኩ ደህና ሆኖ ከተገኘ ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ሆኖ ይቀራል። የጻፍኩት በዚያ ሰዓት የሚታወቀውን ብቻ ነው፤ ማሽኑ አይበራም፣ ዲስኩ ገና አልተፈተሸም።

ቀጥሎ ከላፕቶፑ ውጪ ምን ቅጂ እንዳለ ፈለግኩ። የሚታዩት ቦታዎች ውሱን ናቸው፤ ቴሌግራም (በተለይ Saved Messages እና የቡድን ሥራ ግሩፖች)፣ የኢሜይል Sent፣ ጉግል ድራይቭ፣ ፍላሽ፣ ለማተም የተሰጠበት ኮፒ ቤት። እሑድ ግንቦት 10 ለክፍል ጓደኛ እንዲያየው በቴሌግራም የተላከ የዎርድ ፋይል ተገኘ፤ አሥራ አንድ ገጽ፣ ከአራቱ ሠንጠረዥ ሁለቱ ያሉበት። መጠይቆቹ ደግሞ በወረቀት ስለነበሩ ማሽኑ ሊያጠፋቸው አይችልም።

ይህን ፋይል እንዲያው አላስተላለፍኩትም፤ ሁለት ፋይል አደረግኩት። አንደኛው ዋናው የዎርድ ፋይል ነው፣ ሳይነካ። ዎርድ የመጨረሻውን የማስተካከያ ቀን ፋይሉ ውስጥ ይይዛል፤ ከፍተው አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምረው ሴቭ ካደረጉት ቀኑ ይለወጣል፣ እሑድ እንደተጻፈ የሚያሳየውም ነገር ይጠፋል። ሁለተኛው ለመምህሩ ንባብ የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ነው። በስልክ ላይ ጉግል ዶክስ ውስጥ ቅጂውን ከፍቼ፣ የጎደለው ክፍል ባለበት ቦታ ሁሉ በቅንፍና በደማቁ ጻፍኩ፦ «[ሠንጠረዥ 3፦ የገቢ ምንጭ በፆታ፤ መረጃው በወረቀት አለ፣ እንደገና ይገባል]»። ባዶ የተተወ ርዕስ ያላለቀ ሥራ ይመስላል፤ እንዲህ ምልክት የተደረገበት ግን ጸሐፊው ቀሪውን እንደሚያውቅ ያሳያል።

ፒዲኤፍ ማድረጉ ሌላም ምክንያት አለው። መምህሩ በስልክ የመክፈታቸው ዕድል ሰፊ ነው። የዎርድ ፋይል በስልክ ሲከፈት ሠንጠረዡ ይሰበራል፤ አማርኛው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ከተጻፈ ደግሞ የላቲን ፊደል ዝብርቅ ሆኖ ይወጣል። ፎንቱ በሌለው ማሽን ላይ ወደ ፒዲኤፍ ቢቀየርም ዝብርቁ አብሮ ይቀየራልና ከመላክ በፊት አንድ ገጽ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

በፋይል ስም ላይ ቀን ሲጻፍ ጥንቃቄ ይሻል። 14-09-2017 ብሎ መጻፍ ለእኛ ግንቦት 14 ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ለሚያነብ ግን የሴፕቴምበር ቀን ነው። ስለዚህ ወሩ በስሙ ይጻፍ፦

```
TermPaper_PARTIAL_Ginbot14.pdf
TermPaper_ORIGINAL_Ginbot10.docx
Receipt_Ginbot14.jpg
```

ሦስተኛው ፋይል የጥገና ቤቱ ደረሰኝ ነው። ጥገና ቤቱ ዝም ብሎ «ላፕቶፕ 1» ብሎ እንዳይጽፍ ሞዴሉን፣ ከሥሩ የተለጠፈውን ሲሪያል ቁጥር፣ የገባበትን ቀንና «አይበራም» የሚለውን ችግር እንዲጽፍልኝ ጠየቅኩ። የጨለመ ስክሪን ፎቶ አላያያዝኩም፤ የጠፋ ላፕቶፕና የሞተ ላፕቶፕ በፎቶ አይለዩም።

የሚጠየቀው ቀን ከየት ይመጣል? ከጠጋኙ ቃል አይደለም፤ የጠጋኝ «ነገ ና» መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ከቀሪው ሥራ ነው። 48 መጠይቅ፣ አንዱን ወደ ኤክሴል ለማስገባት አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አራት ሰዓት ይሆናል። ለሁለቱ ሠንጠረዥ ግማሽ ቀን፣ ለትንተናውና ለመደምደሚያው ሁለት ቀን። ቤተ መጻሕፍቱ ባለው ኮምፒውተር ከተሠራ እስከ ማክሰኞ ያልቃል። ዲስኩ ከዳነ ቶሎ ያልቃል፣ ካልዳነም ማክሰኞ አይናወጥም። ሁለት ሳምንት የሚጠይቅ ተማሪ ግን ከፊሉን ሥራ እንዳልጀመረው ያስመስለዋል።

የተላከው ደብዳቤ ይህ ነው፦

> ቀን፦ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለተከበሩ ዶ/ር ______
>
> ጉዳዩ፦ የማጠቃለያ ጽሑፍ ማስረከቢያ እስከ ማክሰኞ ግንቦት 19 እንዲራዘምልኝ ስለመጠየቅ
>
> እንደምን አደሩ ዶክተር። ስሜ ______፣ የመታወቂያ ቁጥሬ ______፣ ክፍሌ ______ ነው። ነገ ዓርብ ከቀኑ 11፡00 የሚገባውን ጽሑፍ በሰዓቱ አጠናቅቄ ማስረከብ ስላልቻልኩ ይህን ደብዳቤ አስቀድሜ ልኬልዎታለሁ።
>
> ጽሑፉን የምሠራበት ላፕቶፕ ትናንት ረቡዕ ማታ ጠፍቶ አልተነሳም። ዛሬ ጠዋት ለጥገና አስገብቼዋለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ዲስኩ መጎዳት አለመጎዳቱ ገና አልታወቀም።
>
> በእጄ ያለው ቅጂ እሑድ ግንቦት 10 የተላከ ነው። መግቢያው፣ የቀደሙ ጥናቶች ቅኝቱ፣ የአጠናን ዘዴው እና ሠንጠረዥ 1 እና 2 ተጠናቀዋል። ሠንጠረዥ 3 እና 4፣ ትንተናቸውና መደምደሚያው ይቀራሉ። መጠይቆቹ በወረቀት ስላሉ መረጃውን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር እንደገና እያስገባሁ ነው።
>
> ስለዚህ ሙሉውን ጽሑፍ ማክሰኞ ግንቦት 19 ከቀኑ 11፡00 ድረስ እንዳስረክብ እንዲፈቅዱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ያያያዝኩት ከፊል ሥራ የደረስኩበትን ለማሳየት እንጂ እንዲታረም አይደለም። ማራዘም የማይቻል ከሆነ ግን ይኸው በሰዓቱ እንደገባ ሥራ እንዲያዝልኝ እለምናለሁ። በኮርሱ መመሪያ የተጻፈው የመዘግየት ቅጣት የሚመለከተኝ ከሆነም እቀበላለሁ።
>
> ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።
>
> ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ከሁሉም በላይ ብዙ ያሰብኩት «እንዲታረም አይደለም» እና «የማይቻል ከሆነ ግን» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ነው። ያለ መጀመሪያው፣ መምህሩ የላክሁትን የመጨረሻ ሥራ ነው ብለው አርመው ሊዘጉት ይችላሉ። ያለ ሁለተኛው ደግሞ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን በሰዓቱ የገባ ምንም ነገር አይኖርም። በመጀመሪያው ምክንያት ከፊሉን በኮርሱ ፖርታል ላይ አልጫንኩትም፤ ብዙ ጊዜ መምህሩ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገባ አድርገው ስለሚያዘጋጁት የጫኑት ከፊል ሥራ ሙሉውን ይዘጋበታል።

ሰላምታው አንድ መስመር፣ ይቅርታው አንድ መስመር ነው። የመብራት መቆራረጡን፣ የቤተሰብ ችግሩን፣ የሌሎች ኮርሶችን ፈተና አልጨመርኩም፤ እውነት ቢሆኑም ሁለተኛ ምክንያት የመጀመሪያውን ያዳክማል። ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ግልባጭ አላደረግኩም፤ መምህሩ ሳይመልሱ ወደ ላይ መሄድ እንደ ክስ ይቆጠራል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፌ፣ «ከቀኑ» የሚለውን አልተውኩም፤ ኢሜይሉ ራሱ ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚያሳይ 11፡00 ብቻውን ከሌሊት 11 ወይም ከፈረንጅ 11 ጋር ይምታታል።

መምህሩ በዚያው ቀን ማክሰኞን ፈቀዱ። ጠጋኙ ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ኬዝ ሲሰካው ተነበበ፣ ግን የ48 አሃዝ የቢትሎከር ቁልፍ ጠየቀ። በማይክሮሶፍት አካውንት የተከፈተ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ሳይጠይቅ ዲስኩን ይቆልፋል፤ ቁልፉ ያለው `account.microsoft.com/devices/recoverykey` ላይ ነው፣ በስልክም ይከፈታል። እዚያ የተዘረዘረው መለያና ስክሪኑ ላይ የወጣው መለያ መጀመሪያቸው አንድ መሆን አለበት። አካውንቱ የተቋም ከሆነ ቁልፉ በተቋሙ የአይቲ ክፍል እጅ ሊሆን ይችላል። ኬዙም ከዲስኩ ዓይነት ጋር መግጠም አለበት፤ የሳታ ኬዝ ኤንቪኤምኢ አይቀበልም፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ዲስክ ደግሞ ከነጭራሹ አይወጣም።

ዲስኩ ላይ የተገኘው ሴቭ የተደረገው ፋይል ከብልሽቱ አንድ ቀን በፊት፣ የማክሰኞ ነበር። የረቡዕ ማታው ጽሑፍ የተገኘው ዎርድ በየአሥር ደቂቃው ለራሱ በሚያስቀምጠው የ`.asd` ፋይል ውስጥ ነው፦

```
E:\Users\<name>\AppData\Roaming\Microsoft\Word\
```

AppData የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ አድራሻውን በፎልደሩ መስኮት አናት ባለው የአድራሻ መስመር ላይ መጻፍ ይሻላል። ፋይሉ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ላይከፈት ይችላል፤ ዎርድ ውስጥ በ File > Info > Manage Document > Recover Unsaved Documents በኩል፣ በሚወጣው መስኮት ወደዚሁ ፎልደር ሄዶ በመምረጥ ይከፈታል።

ሙሉው ሥራ ሰኞ ተላከ፣ አዲስ ኢሜይል ተከፍቶ ሳይሆን በዚያው ደብዳቤ መልስ ላይ፣ መምህሩ ፈቃዳቸውን ፍለጋ እንዳይሄዱ። አጃቢው መልእክት አጭር ነው፤ «ይህ ግንቦት 14 የላክሁትን ከፊል ሥራ ይተካል። በከፊሉ ላይ የሠንጠረዥ 2 ድምር 46 ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተመለሱ ሁለት መጠይቆች ስለገቡ 48 ሆኗል፣ መቶኛዎቹም በዚያው ልክ ተስተካክለዋል።» ከፊሉን ያነበበ መምህር ቁጥሩ ተለውጦ ሲያገኝ መረጃው እንደገና የተሞላው ከጭንቅላት ነው ብሎ እንዳይጠረጥር ነው ይህ የተጻፈው።