የአርኤፍ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ ነው ሲሏችሁ መጀመሪያ እጅ ይታይ በሉ

ይሄን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርልን ነበር። እናቴ ዘጌ ነው የምትኖረው፣ ስድሳዎቹን አጋምሳለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅምና ስትፈትል የኖረች ናት። ጣቷን ያማት ከጀመረ ቆየ፣ እሷ «ቁርጥማት ነው» ብላ ትተወዋለች፣ እንዝርት ማሾር ሲያቅታት ግን በጀልባ ይዣት ባሕር ዳር መጣሁ። ካርድ ማውጣት፣ ወረፋ፣ ደም መስጠት፣ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ነገሩ የተበላሸው የደሙ ውጤት ሲመጣ ነው። የሄድንበት ክሊኒክ ያየን ባለሙያ ወረቀቱን አይቶ «አርኤፍ ፖዘቲቭ ነው፣ ሩማቶይድ ነው፣ በቃ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ነው» አለን። ሩማቶይድ የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ አርኤፍ ደግሞ እሱን ለመፈለግ የሚሠራ የደም ምርመራ። እጇን አልነካም! ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ ተዘርግቶ እኮ ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ አዘዘላት፣ በቀናት ውስጥ ተሻላት፣ ዘመድ ሁሉ «ይኸው በሽታው ታወቀ» አለ። ግን ፕሬድኒሶሎን የብዙ ዓይነት መገጣጠሚያ ሕመም ያስታግሳል፣ ስለዚህ መሻሏ ሩማቶይድ መሆኑን አያሳይም። ቆይቶ በመድኃኒቱ ፊቷ አበጠ፣ ስኳሯም ጨመረ።

ሌላ ቦታ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ጋ ወሰድኳት። ወረቀቱን ወደ ጎን አደረገና «እስቲ እማማ እጅዎን ያሳዩኝ» አላት። ጥፍሯ ስር ያሉት የመጨረሻዎቹ መገጣጠሚያዎች ላይ አጥንት የመሰለ ጠንካራ እብጠት አለ፣ የአውራ ጣቷ ሥርም ሲጫን ያማታል። ጣት ከመዳፍ የሚገናኝበትን፣ ጡጫ ስንጨብጥ የሚወጣውን ረድፍ ግን ከጎንና ከጎን ጨመቀው፣ ምንም አላላትም፣ የእጅ አንጓዋም ደህና ነው። ሩማቶይድ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው እነዚህን ያላመማትን ቦታዎች ነው፣ የጣት መሃል መገጣጠሚያንም ይጨምራል፣ በሁለቱም እጅ ይመጣል፣ ሲነኩት ለስለስ ብሎ ያበጠ ነው። ጥፍር ስር ያለውን ግን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። የመሃሉን መገጣጠሚያ ግን ሩማቶይድም፣ ኦስቲዮአርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ መበላትም ስለሚይዙት እሱን ብቻ ይዞ መፍረድ አይቻልም።

ከዛ «ጠዋት ጣትዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል?» ሲላት «እሳት አያይዤ ቡና እስክቆላ ነው፣ ማታ ሠርቼ ስውል ነው የሚብሰኝ» አለችው። ሳቀ። ኦስቲዮአርትራይተስ ላይ የጠዋቱ መተሳሰር ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይዘልም፣ ሥራ ያብሰዋል፤ ሩማቶይድ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይይዛል፣ እንቅስቃሴ ያቀለዋል።

የሁለት እጅ ራጅ አስነሳት። ጥፍር ስር ባሉት መገጣጠሚያዎች መሃል ያለው ክፍተት ጠቧል፣ ጠርዙ ላይ ትርፍ አጥንት በቅሏል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ነጥቷል። ሩማቶይድ ቢሆን መገጣጠሚያው አካባቢ ያለው አጥንት ይሳሳል፣ ጠርዙም ተበልቶ ይታያል፣ አዲስ አጥንት ግን ብዙም አይበቅልም።

ታዲያ አርኤፍ ለምን ፖዘቲቭ ሆነ? ይሄ ነገር ደህና ሽማግሌዎች ላይም ይገኛል፣ የቆየ ኢንፌክሽን፣ ለምሳሌ ቲቢ ወይም የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ላይም ይወጣል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ምርመራ ሩማቶይድን ለይቶ በማሳየት ከአርኤፍ በጣም ይሻላል፣ የሷ ኔጌቲቭ ሆነ። ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን ከሚያሳዩት የደም ምርመራዎች ሲአርፒዋ ደህና ነው፣ ኢኤስአሯ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ እሱ ግን በዕድሜና በደም ማነስም ይጨምራል። ኦስቲዮአርትራይተስ ነው ተባለች። ፕሬድኒሶሎኑን በአንድ ጊዜ አላስቆማትም፣ ሳምንታት የተወሰደ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሰውነት ስለሚጎዳ ቀስ በቀስ ነው የቀነሰላት። አሁን የሚቀባ ዲክሎፌናክና የአውራ ጣት መደገፊያ ነው ያላት።

ይሄን ብዬ ደግሞ ኔጌቲቭ ሲባል ተገላገልን እንዳትሉ። ጎረቤታችን ገና ወጣት ናት፣ የጡጫዋ ረድፍ በሁለቱም እጅ አብጦ ጠዋት ልጇን ማልበስ ያቅታታል፣ አርኤፍ ኔጌቲቭ ራጅም ደህና ተብላ «ብርድ ነው» ብለው መለሷት። የሩማቶይድ ራጅ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ አርኤፍም ከታማሚዎቹ ጥቂት በማይባሉት ላይ አይገኝም። አንቲ ሲሲፒ ስታሠራ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ሜቶትሬክሴት የሚባለውን የሩማቶይድ መድኃኒት ጀመረች። እዚህ ላይ መዘግየት አጥንት ያስበላል፣ ስለዚህ እንደሷ ለስላሳ እብጠት ያለው ሰው ወረቀቱ ምንም ቢል ስፔሻሊስት ጋ ሪፈር ይጠይቅ። ራጅ ስትነሱም ፊልሙን ራሱን ተቀበሉ፣ የመጀመሪያው ክሊኒክ እናቴን ያነሳትን ራጅ «ኖርማል» ብለው በወረቀት ብቻ ነበር የሰጡን፣ ሁለተኛው ሐኪም የሚያወዳድርበት ነገር አጣ።