«ስለዚህ» ስል የዘለልኩት

አይኤልትስ የሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና የመጀመሪያ ውጤቴ ሲመጣ ራይቲንግ፣ ማለትም የጽሕፈት ክፍሉ ላይ 6 ይላል። ያመለከትኩበት ትምህርት ክፍል የሚጠይቀው 6.5 ነበር። ለግማሽ ነጥብ ቀረሁ። የውጤት ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት፤ የት ጋ እንደተቀነሰብኝ የሚናገር ነገር የለም። ፈታኞቹ የሚያርሙት በአራት መስፈርት ነው፦ ጥያቄው በአግባቡ መመለሱን፣ የሐሳቡን ፍሰት፣ የቃላት አጠቃቀሙን እና ሰዋስውን ያያሉ። ለተፈታኙ የሚደርሰው ግን አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ችግሬ ቃላት ነው ብዬ ደመደምኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ቃላት መሸምደድ ቀላል ስለሆነ ይሆናል። ሁለት ወር ሙሉ ቃላት ስለቅም ከረምኩ። ከዚያ አንድ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ጓደኛዬ የጻፍኩትን ኤሴይ አነበበና «ቃላትህ ምንም አይልም። ግን አላሳመንከኝም» አለኝ። እስቲ የት ጋ ነው ያላሳመንኩህ ስለው «እሱን እኔ ከምነግርህ መስፈርቱን ይዘህ ራስህ ፈልገው» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። በወቅቱ ተናድጄበታለሁ።

መስፈርቱ በይፋ የወጣ ሰነድ ነው፤ ማንም አውርዶ ያነበዋል። እኔ ከአራቱ አንዱን ብቻ መረጥኩ፦ ታስክ ሪስፖንስ የሚባለውን፣ ማለትም ለጥያቄው የተሰጠውን መልስ የሚመዝነውን። ሰነዱ ውጤቱን በየደረጃው «ባንድ» ይለዋል፤ ባንድ 6 ላይ ያለው ሐሳብ በራሴ አባባል እንዲህ ነው፦ ዋና ዋና ሐሳቦቹ ከጥያቄው ጋር ይገናኛሉ፣ ግን አንዳንዶቹ በበቂ አልተብራሩም፤ የቀረበው ማስረጃም ላይበቃ ወይም ብዙም ላይገናኝ ይችላል። ባንድ 7 ደግሞ አቋሙ ግልጽ ነው፣ ሐሳቦቹም ተብራርተው ተደግፈዋል፤ ሆኖም በጅምላ መናገር ሊታይበት ይችላል። በሁለቱ መካከል ስለ ቃላት የሚያወራ አንድም ነገር አላገኘሁም። ልዩነቱ ያለው ሐሳቡ መብራራቱ ላይ ነው።

የራሴን ከማረሜ በፊት እጄን በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ላይ አሟሸሁ። የፈተናው ባለቤቶች የተፈታኞችን ናሙና ከነፈታኙ አስተያየት አውጥተዋል። አስተያየቱን በወረቀት ሸፍኜ ማርክ እሰጣለሁ፣ ከዚያ እገልጠዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ከፈታኙ አንድ ነጥብ ያህል ከፍ አደርግ ነበር። ምክንያቱ ቆይቶ ገባኝ፦ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ እየገመትኩ የጎደለውን እኔው እሞላለት ነበር። የማላውቀው ሰው ጽሑፍ ላይ እንዲህ ካደረግኩ የራሴ ላይማ ምን ልሆን ነው?

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ኤሴዩን በ40 ደቂቃ እጽፋለሁ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን አላየውም። ሳርም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ቁጥር እሰጠዋለሁ። ማርክ የምጀምረው ከባንድ 5 ነው፤ ወደ 6 ለመውጣት «ይኼ ዓረፍተ ነገር መስፈርቱን ያሟላል» ብዬ ቁጥሩን መጻፍ አለብኝ። ቁጥር ካልጠራሁ አልወጣም። «በአጠቃላይ ጥሩ ነው» የሚል ማርክ የለም።

አንዱን ላሳያችሁ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ «በከተሞች የትራፊክ መጨናነቅን ለመቀነስ ምርጡ መንገድ የሕዝብ ትራንስፖርትን ነጻ ማድረግ ነው ይባላል። ምን ያህል ትስማማለህ?» የእኔ ሁለተኛ አንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል፦

«(1) የሕዝብ ትራንስፖርት ነጻ ቢሆን ብዙ ሰዎች መኪናቸውን ትተው በአውቶቡስ ይሄዳሉ። (2) ስለዚህ መጨናነቁ በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሳል። (3) ለምሳሌ በአዲስ አበባ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በየማለዳው ታክሲ ለመያዝ ረጅም ሰልፍ ይሰለፋሉ። (4) ከዚህም በላይ አየሩ ከብክለት ይጸዳል።»

እንግሊዝኛው ላይ ይኼ አንቀጽ ያምር ነበር። ማገናኛዎቹ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። መጀመሪያ ሳርመው 7 ልሰጠው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ እንደ ቀልድ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ለእህቴ አነበብኩላት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ታክሲ የሚሰለፈው ሰው እኮ መኪና የለውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አንደኛው ዓረፍተ ነገር የሚያወራው መኪና ስላለው ሰው ነው። ምሳሌው ደግሞ መኪና ስለሌለው። ጭራሽ ምሳሌው የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፦ ሰው እየከፈለ እንኳ የሚሳፈርበት ካጣ ችግሩ ዋጋው ሳይሆን የተሽከርካሪው ማነስ ነው። ነጻ ቢሆን ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አያጥርም። እኔ ግን «ለምሳሌ» ስላልኩ ብቻ ማስረጃ ያቀረብኩ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ወደ «ስለዚህ» ተመለስኩ። በዓረፍተ ነገር 1 እና 2 መካከል ምን መሆን አለበት ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ባለመኪናው መኪናውን ቤት የሚተወው ቲኬቱ ስለረከሰ ነው።» ተጽፎ ሲታይ ያስቃል። ለነዳጅ፣ ለጥገና፣ ለኢንሹራንስ የሚከፍል ሰው የአውቶቡስ ቲኬት ከብዶት ነው እንዴ የሚነዳው? የሚነዳው ጊዜ ስለሚቆጥብለትና ከቤቱ ደጅ ስለሚነሣ ነው። ክርክሬ ሁሉ የቆመው ባልጻፍኩት በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ ባልጻፍኩት ምክንያት ደግሞ አላየሁትም። አራተኛው ስለ ብክለት ነው፤ ጥያቄው ስለ መጨናነቅ ነው። እሱን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። አንቀጹ 5 አገኘ፤ ያውም ራሴን አባብዬ።

ከዚያ በኋላ ማረሚያዬ ይኸው ሆነ። «ስለዚህ»፣ «በዚህም ምክንያት»፣ «ይህ ደግሞ» የሚሉትን ሁሉ አከብባለሁ። ማገናኛውን በጣቴ ሸፍኜ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ አነባለሁ። መካከላቸው ያለውን ድልድይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ድልድዩ ማንም የሚያውቀው ነገር ከሆነ አልፈዋለሁ። ማንም ሰው «ኧረ?» ሊልበት የሚችል ከሆነ ክፍተት ነው፤ ደብተር ላይ ይመዘገባል።

ደብተሩ ተራ ደብተር ነው። ቀን፣ ጥያቄ፣ የዓረፍተ ነገሩ ቁጥር፣ የክፍተቱ ዓይነት። የዓይነቶቹን ስም አስቀድሜ አላወጣሁም፤ ሳርም የመጣልኝን እጽፍ ነበር፤ «ዘለለ»፣ «ሌላ ሰው»፣ «ምርጡን ረሳ»። ከ7 ኤሴይ በኋላ ስደምረው «ዘለለ» በ6ቱ ውስጥ አለ። ርዕሱ ትምህርት ይሁን ቴክኖሎጂ ወይም ጤና ለውጥ የለውም። «ሌላ ሰው» ማለት ምሳሌው የሚያወራው ክርክሩ ስለሚያነሣቸው ሰዎች አለመሆኑ ነው፤ በ4ቱ አለ። «ምርጡን ረሳ» ደግሞ 5 ጊዜ።

ይኼ የመጨረሻው ትንሽ ያስረዝመኛል፤ እኔን ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጥያቄው «ምርጡ መንገድ» ይላል። እኔ የመለስኩት ግን «ጥሩ መንገድ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ነጻ ትራንስፖርት ጥቅም አለው ብዬ አንድ ገጽ ብጽፍም ምርጡ ለመሆኑ ከሌላ መንገድ ጋር ካላወዳደርኩት ጥያቄውን አልመለስኩም። «ብቻ»፣ «ሁልጊዜ»፣ «ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል»፣ እነዚህ ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ትምህርት ቤት «ጥቅምና ጉዳቱን ጻፉ» እየተባልን ስላደግን ይሁን አላውቅም፣ ጥያቄው ምንም ቢሆን እጄ ጥቅምና ጉዳት መዘርዘር ይጀምራል።

ያንኑ አንቀጽ እንደገና ስጽፈው አቋሜም አብሮ ተቀየረ። ሐሳቡ እንዲህ ሆነ፦ ባለመኪና የሚነዳው ጊዜውን ለመቆጠብ ነው፤ ቲኬቱ ነጻ ቢሆን ጊዜው አይለወጥም፤ በነጻው ቲኬት መጀመሪያ የሚሳቡት እስከዛሬ በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ ናቸው፤ እነሱ ሲጨመሩ አውቶቡሱ ይጠባል፤ ባለመኪናውም ይበልጥ ይሸሻል። ስለዚህ ያው ገንዘብ ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መንገድ ላይ ቢውል ይሻላል፤ ምክንያቱም እሱ የሚነካው ጊዜን ነው። ምሳሌው ስለ አንድ ባለመኪና ጎረቤት ሆነ። ቃላቱ ከበፊቱ ይቀላሉ። በራሴ ማረሚያ 7 ሰጠሁት፤ ከዓረፍተ ነገር ቁጥሮቹ ጋር።

ግን አዲስ ችግር መጣ። ድልድዮቹን መጻፍ ስጀምር አንቀጾቼ ረዘሙና በ40 ደቂቃ መጨረስ አቃተኝ። ሁለት ኤሴይ ያለ መደምደሚያ ቀረ። መፍትሔው ሐሳብ መቀነስ ሆነ፤ በፊት ሦስት ምክንያት አስገባ ነበር፣ አሁን ሁለት። ከመጻፌ በፊት ያሉትን አምስት ደቂቃዎችም ለድልድዮቹ ሰጠኋቸው። ረቂቄ ላይ ከእያንዳንዱ ሐሳብ ጎን «ማነው?» እና «ለምን ይሆናል?» ብዬ እጽፋለሁ።

ይኼ መንገድ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሰዋስው ላይ ራሴን ማረም አልቻልኩም። የማላውቀውን ስሕተት እንዴት አድርጌ ላየው እችላለሁ? እሱን ለዚያው መምህር ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሦስት ኤሴይ ላይ ተመሳሳይ የአርቲክል፣ ማለትም የ«a» እና የ«the»፣ ስሕተት ሲያከብብልኝ ከእኔ ደብተር አንድ አምድ ሰጠሁት። የምሰጠውን ቁጥርም ብዙ አላመንኩትም። ጓደኛዬ ታስክ ሪስፖንሱን ሲያርም ከእኔ ግማሽ ነጥብ ዝቅ ያደርጋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ከፍ። የክፍተቱ ቦታ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተስማምተናል።

ሁለተኛ ፈተናዬ ላይ 6.5 አገኘሁ። አሁንም አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከአራቱ የትኛው ከፍ እንዳለ አላውቅም። አርቲክሉም ሊሆን ይችላል።

ደብተሩን አሁን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወስዶታል። መጀመሪያ ላይ የእኔን «ዘለለ» እየፈለገ አጣው። እሱ ድልድይ አይዘልም፤ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። የእሱ ችግር መግቢያው ላይ «እስማማለሁ» ብሎ መደምደሚያው ላይ «እንደ ሁኔታው ነው» ማለቱ ነው። በአራት ኤሴይ አራቴ። የአምዱን ስም «ከዳ» ብሎታል።