እናቴ ስልክ ላይ፣ እኔ መንገድ ላይ

ሁለተኛ ልጄን ያረገዝኩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ ነው። ለእናቴ በስልክ ሳበስራት መጀመሪያ እልል አለች። ቀጥላ "በቃ፣ ከእንግዲህ አርፈሽ ተቀመጪ" አለችኝ።

የምትከታተለኝ አዋላጅ ግን ሌላ ነገር ነበር የነገረችኝ። መጀመሪያ ደም ፈሶሽ ያውቃል ወይ፣ የልብ ሕመም አለብሽ ወይ ብላ ጠየቀች፤ ግፊቴን ለካች፤ የእንግዴ ልጁን አቀማመጥ ከአልትራሳውንዱ ውጤት አየች። የሚከለክል ነገር ስታጣ "በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሺ" አለች። ግማሽ ሰዓት በአምስት ቀን ማለት ነው። ልኩን የማውቀው ደግሞ በሰዓት ሳይሆን በአፌ ነው፦ እየሄድኩ ማውራት መቻል አለብኝ፤ መዝፈን ግን ካቃተኝ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ማውራትም ካቃተኝ በዝቷል።

እና ስላይጎ ክሪክ በሚባለው የወንዝ ዳር መንገድ ስሄድ ለእናቴ መደወል ጀመርኩ። እኔ ጠዋት ስወጣ እዚያ አመሻሽ ነው። ጆሮዋ ደግሞ አይስትም። ዳገቱ ላይ ስደርስ "ምነው ታለከልኪያለሽ?" ትለኛለች። ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። መራመዴን የምትቃወመው ሴት ልኬን ጠባቂ ሆነች፣ ሳታውቀው።

ስህተቴ የመጣው ቤት ውስጥ ነው። በ23ኛው ሳምንት፣ ዝናብ የጣለ ቀን፣ ዩቲዩብ ከፍቼ ሲት አፕ መሥራት አማረኝ። ድሮ የለመድኩት ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ ሦስተኛው ላይ ቀና ስል ሆዴ መሃል ለመሃል እንደ ድንኳን ጫፍ ሾጠጠ። ገርሞኝ እያየሁት ራሴን አዞረኝ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ አቅለሸለሸኝ። በደመ ነፍስ ወደ ጎን ተገላበጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ለቀቀኝ።

በማግስቱ አዋላጇ ወደ ፊዚዮቴራፒስት ላከችኝ። ፊዚዮቴራፒስቷ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ናቸው አለችኝ። ያዞረኝ ማህፀኑ ከብዶ ከኋላው ያለውን ትልቁን ደም ሥር ስለተጫነው ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ሆድ ከገፋ በኋላ በጀርባ ተጋድሞ መሥራት ይቅር። የሾጠጠው ደግሞ ሆዴ ላይ ያሉት ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ስለተራራቁና ግፊቱ በመሃላቸው ስለወጣ ነው። መራራቁ በእርግዝና የተለመደ ነው። ሆድን እንዲህ የሚያሾጥጥ እንቅስቃሴ ግን ይቁም። ከአልጋ ቀጥ ብሎ መነሳትም ያው ነው፤ መጀመሪያ ወደ ጎን መዞር፣ ከዚያ በእጅ ገፋ አድርጎ መቀመጥ። በሲት አፑ ፋንታ በእጅና በጉልበት ተንበርክኬ፣ እያስተነፈስኩ ጀርባዬን እንደ ድመት ማጉበጥ ለመድኩ።

ጡንቻ ማሳሳብ ላይም ተሞኝቻለሁ። በእርግዝና ጊዜ የመገጣጠሚያ ጅማቶች ስለሚላሉ እግር ከወትሮው ይበልጥ ይከፈታል። እኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ እግሬን በልቅጬ ስስብ ሰነበትኩ። ከዚያ ሱሪ ለመልበስ አንድ እግሬን ሳነሳ ከብልቴ በላይ ያለው አጥንት ላይ ስንጥቅ የሚያደርግ ሕመም ጀመረኝ። ከመኪና ስወርድማ አይነሳ! መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ሱሪ ተቀምጦ መልበስ፣ ከመኪና ጉልበትን ገጥሞ ዞሮ መውረድ፣ እርምጃን ማሳጠር፣ እግር በልቅጦ መሳብን መተው። ግማሹን ሰዓትም ጠዋትና ማታ 15፣ 15 ደቂቃ አድርጌ ከፈልኩት። የቀረልኝ የባት ማሳሳብ ነው፤ ግድግዳ ተደግፌ፣ አንድ እግሬን ወደ ኋላ፣ ተረከዜን መሬት ላይ፣ ለ30 ሰከንድ። ሌሊት ባቴን የሚቋጥረኝ ነገር ስለነበር ሳልተኛ በፊት ነው የምሠራው።

ሕማማት ሲደርስ 28ኛው ሳምንት ላይ ነበርኩ። ስግደቱ አሳሰበኝ። ቶሎ ቶሎ መጎንበስና መነሳት በዚያ ሆድ ሚዛን ያስታል፣ ያዞራል። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "አንቺ ቆመሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ሲደክምሽ ተቀመጪ" አሉኝ። አጠገቤ ያሉ እትዬ ወንበራቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ፍሪጄ ላይ የለጠፍኩት ወረቀት እስከ መጨረሻው ነበር፦ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ፣ ደረት ካመመ፣ አንድ ባት ካበጠና ካመመ፣ ሳይንቀሳቀሱ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሆድ እየቆየ በተከታታይ ከተኮማተረ፣ ማቆምና መደወል። አንዴም አላስፈለገኝም።

ሰኔ ላይ፣ ሙቀቱ ከበድ ያለ ቀን፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ ለእናቴ ደወልኩላት። ዝም ብላ ትንሽ አዳመጠችኝ።

"ምነው፣ ዛሬ አልወጣሽም እንዴ?"