ስማችንን በእውነት የሚያውቀው ስንት ሰው ነው?

አራት ኪሎ አካባቢ ቡና ቆልተን፣ ፈጭተን፣ አሽገን እንሸጣለን። ለማስታወቂያ ብር ከማውጣቴ በፊት ስማችን ምን ያህል እንደሚታወቅ ማወቅ ፈለግሁ። የጥናት ድርጅት ለመቅጠር አቅሙ የለንም። ሁለት ተማሪዎች በቀን አበል ያዝኩና መጠይቁን ራሴ አዘጋጀሁ።

በቴሌግራም ቻናላችን መጠየቅ ቀላል ነበር፤ ግን እዚያ ያለው ሰው ድሮም ያውቀናል። ስለዚህ የአራት ኪሎን፣ የፒያሳንና የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ መረጥኩ። ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ለሁለት ደቂቃ ጥያቄ ጊዜ አለው። ተማሪዎቹ ፊቱ ደስ ያላቸውን ብቻ እንዳይጠይቁ፣ በየአምስተኛው ሰው እንዲሄዱ ነገርኳቸው። የማን ቡና እንደሆነም አይናገሩም።

የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ነው። መጀመሪያ፣ «የታሸገ ቡና ሲባል የየትኞቹ ስም ይመጣልዎታል?» ይባላል። ምንም ስም አይጠቀስም። ከዚያ በኋላ ብቻ የስም ዝርዝር ይነበባል፤ የሚያውቁትን ይናገራሉ። ዝርዝሩ ቀድሞ ከተነበበ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ የለውም።

ጨርሶ የሌለ፣ እኔ የፈጠርኩት አንድ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አስገባሁ። ሰዋችን ይሉኝታ አለው። አላውቅም ብሎ ጠያቂውን ማሳፈር አይወድም። ከ100 ሰው 8ቱ ሳይነገራቸው ስማችንን ጠሩ። ሲነበብላቸው 43ቱ እናውቀዋለን አሉ። የሌለውንም ስም 15ቱ አወቁት! እንግዲህ 43 የሚለውን እንዳለ መውሰድ አይቻልም። 15ቱን ስቀንስ ወደ 28 ይወርዳል። ግምት ነው፤ ግን ከ43 ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

ስሙ ብር ያመጣል ወይ የሚለውን ለማየት አንድ ዓይነት ቡና በአንድ ዓይነት ከረጢት አሸግን። ግማሹ የእኛ ስም ተለጥፎበታል፣ ግማሹ ባዶ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንዱን ብቻ ያያል፤ ሁለቱን ካየ ያወዳድርና የተጠበቀበትን መልስ ይሰጣል። «ይህን ግማሽ ኪሎ በስንት ብር ይገዙታል?» ነው ጥያቄው። አማካይ አላሰላሁም፤ አንድ ሰው የተጋነነ ዋጋ ከጠራ ሁሉንም ይጎትተዋል። ዋጋዎቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሬ መሃል ላይ ያለውን ወሰድኩ። ስም ያለበት በ40 ብር በለጠ።

በየወገኑ 50 ሰው ብቻ ስለሆነ 40 ብሯን ዋጋ ለመጨመር አልተጠቀምኩባትም። በ100 ሰው የሚገኝ መቶኛም፣ ናሙናው በዕጣ የተመረጠ ቢሆን እንኳ፣ እስከ 10 ነጥብ ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። የሚቀጥለው ውጤት ከ28 ወደ 32 ቢወጣ አድገናል አልልም። መኪና የሚነዳው ደንበኛም ታክሲ ሰልፍ ላይ የለም።

የወሰንኩት በ8 እና በ28 መካከል ባለው ክፍተት ነው። ሰው ያውቀናል፤ ቡና ሲያስብ ግን አንመጣለትም። ስለዚህ ብሩን ለቢልቦርድ ሳይሆን፣ በየሰፈሩ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ፊት ለፊት ለመቀመጥ አዋልኩት። ከስድስት ወር በኋላ እዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጥያቄ እንደግመዋለን።